ፎቶው መቼ ተነሳ? የት ተነሳ? ቀብድ ከመላካችሁ በፊት የሻጭን ፎቶ መመርመር

የዛሬው የዋጋ ዝርዝር እንደተለመደው ከሰዓት በኋላ ይለጠፋል። እስከዚያው ግን ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን አንድ ጥያቄ ልመልስ፤ «ሻጩ ይሄን ፎቶ ልኮልኛል፣ ልመነው ወይስ አልመነው?» የሚለውን።

ጥያቄው በሻሸመኔ ገበያ የሚበዛው ያለምክንያት አይደለም። ከተማዋ የመንገድ መገናኛ ናት። ከሞጆ በዝዋይ የሚመጣው፣ ከሐዋሳ የሚወጣው፣ ከባሌ በዶዶላና በኮፈሌ የሚወርደው፣ ከወላይታ ሶዶ በሃላባ የሚገባው መንገድ ሁሉ እዚህ ይገናኛል። ስለዚህ ሻሸመኔ የተቀመጠ ደላላ የድንች፣ የበቆሎ ወይም የቦሎቄ ፎቶ ሲልክላችሁ ምርቱ በእርግጥ የት እንዳለ ፎቶውን በማየት ብቻ አታውቁም። አዳማ ወይም አዲስ አበባ ያለው ገዢ ደግሞ ዋጋው ሳይጨምር ለመያዝ ይቸኩላል። «ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ነው» ሲባል ቀብዱን በሞባይል ይልካል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ዛሬ የማሳያችሁ በድንች ነው። ድንች ደግሞ እንደ ስንዴ አይደለም፤ ዕድሜው ዋጋው ነው። ትናንት የተቆፈረና ከሦስት ሳምንት በፊት የተቆፈረ ድንች አንድ ዕቃ አይደሉም። ብርሃን የነካው አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፤ ታፍኖ የቆየው ያቆጠቁጣል ወይም ይበሰብሳል። ስለዚህ የድንች ፎቶ ሲመጣላችሁ ከ«ያምራል ወይ?» በፊት «መቼ ተነሳ?» ብላችሁ ጠይቁ።

*ፎቶው ውስጥ የተደበቀው ጽሑፍ*

ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ምስሉን ብቻ አይደለም የሚያስቀምጠው። እዚያው ፋይል ውስጥ ትንሽ መዝገብ ይጽፋል፤ የስልኩን ዓይነት፣ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት፣ የምስሉን ስፋት፣ የካሜራው የቦታ ምልክት በርቶ ከሆነ ደግሞ የተነሳበትን ቦታ። ይሄ መዝገብ ሜታዳታ ይባላል፤ በፎቶ ላይ ያለው የተለመደው ዓይነት ኤግዚፍ ነው። ምስሉን ስታዩ አይታይም፤ የፋይሉን ዝርዝር ስትከፍቱ ግን ይወጣል።

ችግሩ ሻጩ ፎቶውን እንደተለመደው በቴሌግራም «ፎቶ» አድርጎ ከላከው ያ መዝገብ አይደርሳችሁም። ቴሌግራም ኔትወርክ እንዳይበላ ምስሉን ያሳንሰዋል፤ ብዙውን ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። መዝገቡም አብሮ ይጠፋል። ዋትስአፕም እንዲሁ ነው። ስክሪንሾትም የካሜራውን መዝገብ አይዝም። ስለዚህ አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር «መረመርኩት፣ ምንም መረጃ የለውም፣ ሌባ ነው» የምትሉት ትክክል አይደለም። መረጃውን ያጠፋው ሻጩ ሳይሆን መላኪያው ራሱ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሻጩን በትህትና «ወንድሜ፣ ፎቶውን እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት። ቴሌግራም ላይ የማያያዣውን ምልክት ነክቶ `File` ይላል፣ ከዚያ ከጋለሪ ይመርጣል። ዋትስአፕ ላይ ደግሞ `Document` የሚለው ነው። እንዲህ ሲላክ ፋይሉ ሳይነካ እንዳለ ይደርሳል። ትንሽ ሜጋባይት ይበላል እንጂ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው።

*ከመዝገቡ በፊት ስሙንና ስፋቱን አንብቡ*

ፋይሉ ሲደርሳችሁ በመጀመሪያ ስሙን እዩ። ይሄ ምንም መተግበሪያ አይፈልግም፣ አምስት ሴኮንድ ነው የሚወስደው።

ብዙ ሳምሰንግ ስልኮች ፎቶን `20250121_094210.jpg` ብለው ይሰይማሉ። ሌሎች ስልኮች ከፊቱ `IMG_` ይጨምሩበታል። መጀመሪያ ዓመት፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን፣ ቀጥሎ ሰዓት ነው። ሻጩ ስሙን ካልቀየረው ፎቶው መቼ እንደተነሳ በግልጽ ተጽፏል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይሄን ስለማያውቅ አይቀይረውም።

ስሙ `IMG-20250214-WA0003.jpg` ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። `WA` ያለበት ፋይል ከሻጩ ካሜራ በቀጥታ አልወጣም፤ በዋትስአፕ ከሌላ ሰው የደረሰው ወይም በዋትስአፕ ያለፈ ነው። ቀኑም የተላለፈበት እንጂ የተነሳበት አይደለም። `photo_2025-02-14_10-20-30.jpg` የሚል ከሆነ ደግሞ በቴሌግራም ያለፈ ነው። «አሁን መጋዘኔ ቆሜ ነው ያነሳሁት» ካለና የፋይሉ ስም `WA` ካለበት፣ ንግግሩና ፋይሉ ላይገናኙ ይችላሉ።

ስፋቱም ያግዛል። የዛሬ ስልክ ካሜራ በተለምዶ 4000 በ3000 ፒክስል አካባቢ ያነሳል። የደረሳችሁ ፋይል 1280 በ960 ከሆነ እንደ ፋይል ቢላክም ቀድሞ በቴሌግራም ተጨምቆ የመጣ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ማለትም ሻጩ ራሱ ከሌላ ቻናል ያወረደው ሊሆን ይችላል።

*አንድ ፋይል አብረን እንክፈት*

አሁን አዳማ ያለ አንድ ተከታታያችን የላከልኝን ፋይል እንመልከት። ስምና ስልክ አልጠቅስም፤ የገዢውንም የሻጩንም። ዓርብ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም ነው የደረሰው። ሻጩ ያለው «90 ኩንታል ድንች፣ ትናንት የተቆፈረ፣ ሻሸመኔ መጋዘኔ ውስጥ ያለ» ነው። የጠየቀው ቀብድ 60 ሺህ ብር ነበር። ፎቶው ላይ የተደረደሩ ኬሻዎች አሉ፣ ፊት ለፊት ያለው አፉ ተከፍቶ ትልልቅ ንጹህ ድንች ይታያል። እውነቱን ለመናገር ሲታይ ያስጎመጃል።

ተከታታያችን እንደ ፋይል አስልኮ በስልኩ ጋለሪ ዝርዝሩን ከፍቷል። የስልኩ ዓይነት አለ፣ ስፋቱ 4000 በ3000 ነው፣ ቀኑም የትናንት ነው። «ሁሉም ልክ ነው፣ ልላክ?» አለኝ። ፋይሉን ወደ እኔ እንዲያሳልፍልኝ ጠየቅኩትና በኮምፒውተር ላይ ሙሉ መዝገቡን በሚያወጣ ነጻ ፕሮግራም ከፈትኩት። ትእዛዙ ይሄ ነው፦

```
exiftool -s -time:all -gps:all foto.jpg
```

ከውጤቱ ለእኛ የሚያስፈልጉት አምስት መስመሮች ናቸው፦

```
DateTimeOriginal : 2025:02:13 09:42:10
GPSDateStamp     : 2025:01:21
GPSTimeStamp     : 06:42:07
GPSLatitude      : 8 deg 32' 24.00"
GPSLongitude     : 39 deg 16' 12.00"
```

ቀስ ብለን እናንብበው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

*ሦስቱ ሰዓቶች*

የመጀመሪያው መስመር ስልኩ በራሱ ሰዓት የጻፈው ነው። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ስልካችሁ በአማርኛ ቢሆን እንኳ መዝገቡ ውስጥ የሚጻፈው እንዲህ ነው። ፌብሩዋሪ 13 ማለት የካቲት 6 ነው፣ ማለትም ሻጩ «ትናንት» ያለው ቀን። ሰዓቱ `09:42` ይላል። ይሄ ከጠዋቱ 9 ሰዓት አይደለም፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3:42 ነው። ስድስት ሰዓት መቀነስ አትርሱ። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አነሳሁት» ያለን ሻጭ መዝገቡ ዘጠኝ ሰዓት ስላለ ብቻ ውሸታም እንዳታደርጉት።

ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመር ግን ከስልኩ ሰዓት አልመጡም። ስልኩ ቦታውን ለማወቅ የሳተላይት ምልክት ሲቀበል ሳተላይቱ ቀንና ሰዓት አብሮ ይሰጠዋል። ያ ሰዓት የሚጻፈው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፤ ከእኛ አገር በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ `06:42` ላይ ሦስት ስትጨምሩ `09:42` ይመጣል። ሰዓቱ ተገናኝቷል፤ በሦስት ሴኮንድ ብቻ ነው የሚለያየው።

ቀኑ ግን አልተገናኘም። ሳተላይቱ ጃንዋሪ 21 ይላል። የ2017 ጥምቀት ጃንዋሪ 19 እንደዋለ ካስታወሳችሁ፣ ጃንዋሪ 21 ማለት ጥር 13 ነው። ፎቶው ከተላከበት ቀን 24 ቀን ይቀድማል።

እዚህ ላይ ቸኩለን «ቀየረው» ከማለታችን በፊት ሌላውን ምክንያት እንመርምር። ባትሪው አልቆ የጠፋ ስልክ ሲበራ ቀኑ ሊሳሳት ይችላል። ሰው በእጁ ሲያስተካክልም ቀኑን አሳስቶ ሰዓቱን ልክ ሊያደርግ ይችላል። ይሄ በእኛ ገበያ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። ግን ልብ በሉ፤ ስልኩ ተሳስቶም ቢሆን፣ ሰው ሆን ብሎ በመተግበሪያ ቀይሮትም ቢሆን፣ ፎቶው የተነሳበት ቀን የሳተላይቱ ቀን ነው። ስልኩ ያለሰው እጅ ተሳስቶ በትክክል ሻጩ የተናገረው ቀን ላይ ያርፋል ማለት ከባድ ነው፤ ቢሆንም እሱን መወሰን የእኛ ሥራ አይደለም። ለገዢው የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው ድንች ትናንት አልተቆፈረም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። አንዳንድ ስልክ ፎቶ ሲያነሳ አዲስ ቦታ እስኪያገኝ አይጠብቅም፣ ቀደም ሲል ያገኘውን ይጽፋል። ስለዚህ የሁለቱ ሰዓት በደቂቃዎች፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ ቢለያይ አትደንግጡ። በ23 ቀን ሲለያይ ግን ያ ምክንያት አይሠራም።

*ቦታው*

አሁን ወደ ቀሩት ሁለት መስመሮች። ቁጥሩን በካርታ መተግበሪያ መፈለጊያ ላይ ብትጽፉት ነጥቡን ያሳያችኋል። ኔትወርክ ባይኖር እንኳ ግምቱን በጭንቅላት መሥራት ይቻላል። ሻሸመኔ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ አካባቢ ናት፤ በምሥራቅ ቁጥሯ ደግሞ 38 ዲግሪ ተኩል አልፋ ናት። እዚህ ፋይል ላይ ያለው ግን 8 ዲግሪ ከ32 ደቂቃ ነው። አንድ ዲግሪ ወደ ሰሜን 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከሻሸመኔ ቢያንስ 145 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ሄደናል። ምሥራቁም 39 አልፏል።

ቦታው አዳማ ነው። ገዢው ራሱ ያለበት ከተማ!

ማለትም ፎቶው ሻሸመኔ መጋዘን ውስጥ አልተነሳም። ከ24 ቀን በፊት አዳማ የነበረ፣ ምናልባትም ከአይሱዙ ወርዶ ያኔውኑ የተሸጠ የሌላ ሰው ድንች ነው። በመንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ርቆ «መጋዘኔ ውስጥ አለ» ተብሎ ተመልሶ ለአዳማ ገዢ ቀረበ።

የቦታ መረጃ ምን ያህል እንደሚያጋልጥ ዓለም ያወቀበት አንድ ታሪክ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ቫይረስ መከላከያ ሶፍትዌር በስሙ የሚታወቀው ጆን ማካፊ ከቤሊዝ ሸሽቶ ተደብቆ ነበር። ቫይስ የተባለው መጽሔት ጋዜጠኞች አብረውት የተነሱትን ፎቶ ድረ ገጻቸው ላይ ሲለጥፉ የቦታውን መረጃ ሳያጠፉ ቀሩ። አንባቢዎች ከፍተው ጓቲማላ ውስጥ እንዳለ አወቁ። ማካፊ መጀመሪያ «መረጃውን እኔ ሆን ብዬ ነው የቀየርኩት» አለ፤ በኋላ ግን ትክክለኛ ቦታው እንደነበር አመነ። ይሄ ታሪክ ለእኛ ሁለት ነገር ይነግረናል። መዝገቡ እውነት ሊናገር ይችላል፤ «ተቀይሯል» የሚለው ማስተባበያም ሁልጊዜ ሊመጣ ይችላል። ምክንያቱም መቀየር በእርግጥ ይቻላል።

የቦታ መረጃ ከሌለስ? በብዙ ፋይሎች ላይ የለም። ካሜራው ላይ ቦታ መመዝገብ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮችም ፎቶ ወደ ሌላ መተግበሪያ ሲያልፍ የቦታውን ቁጥር የሚደብቁበት ጊዜ አለ። አይፎንም ሲያጋራ ቦታውን እንዲተው ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ የቦታ አለመኖር በሻጩ ላይ የሚቆጠር ጥፋት አይደለም። ካለ ተጠቀሙበት፣ ከሌለ ወደሚቀጥለው እለፉ።

*ምስሉ ራሱ ተነክቷል ወይ?*

እስካሁን ያየነው ያልተነካ ፎቶ በውሸት ንግግር ሲቀርብ ነው። በገበያችን በብዛት የሚያጋጥመኝም እሱ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ቀለሙን መንካት ነው።

ድንች ላይ የሚደበቀው አረንጓዴው ነው። ፎቶውን ትንሽ ወደ ቢጫ ካሞቁት አረንጓዴው ቡናማ ይመስላል። ጤፍ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ብርሃኑን ከፍ ሲያደርጉት ሰርገኛው ነጭ፣ ነጩ ደግሞ ማኛ ይመስላል። የጤፍ ዋጋ በቀለም ስለሚለያይ ይሄ ቀላል ማታለል አይደለም፣ በኩንታል የሚቆጠር ገንዘብ ነው።

እንዴት ታውቁታላችሁ? ፎቶው ውስጥ ቀለሙን አስቀድማችሁ የምታውቁትን ነገር ፈልጉ። ነጭ ኬሻ፣ በኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ የሰው እጅ። ነጩ ኬሻ ቢጫ ከመሰለ ድንቹም ቢጫ ተጨምሮበታል። ነጩ ኬሻ ላይ የጽሑፉና የክሩ ዝርዝር ጠፍቶ ሁሉም ወረቀት ከመሰለ ደግሞ ብርሃኑ ከልክ በላይ ተነስቷል። ግን እዚህም ጥንቃቄ አለ። ቢጫ ወይም ሰማያዊ ሸራ ስር የተነሳ ፎቶ ማንም ሳይነካው ቀለሙ ይቀየራል። ስልኮችም ራሳቸው ቀለም ያሳምራሉ። ስለዚህ «ኤዲት አድርገሃል» ብሎ መክሰስ ሳይሆን «ፎቶው የድንቹን ቀለም አይነግረኝም» ብሎ መደምደም ነው ልኩ። ከዚያ ነጭ ወረቀት አብሮ አስገብቶ ውጭ በጥላ ውስጥ እንዲያነሳ መጠየቅ።

ሦስተኛው ዓይነት መባዛት ነው። 30 ኬሻ የነበረውን 90 ማስመሰል። ይሄን የሚሠራ ሰው የምስሉን አንድ ክፍል ገልብጦ ሌላ ቦታ ይለጥፋል። በ2008 እ.ኤ.አ. ከኢራን አብዮታዊ ዘብ የዜና ክፍል የወጣ የሚሳይል ሙከራ ፎቶ አራት ሚሳይሎች ሲነሱ ያሳይ ነበር፤ የፈረንሳዩ ዜና ወኪልም አሰራጨው፣ ትልልቅ ጋዜጦችም አተሙት። ከዚያ የጭሱና የአቧራው ቅርጽ በሁለት ቦታ አንድ ዓይነት መሆኑን ሰዎች አዩ። አንዱ ሚሳይል ከሌሎቹ ተገልብጦ የተጨመረ ነበር፤ ዜና ወኪሉም ፎቶውን መለሰው።

ኬሻ ላይም የምትፈልጉት እሱኑ ነው። ሁለት ኬሻ በእጅ ሲሰፋ አፉ አንድ ዓይነት አይሆንም። የክሩ ጫፍ፣ የጭቃው ነጠብጣብ፣ የተቀደደው፣ የታተመው ጽሑፍ የታጠፈበት ቦታ ይለያያል። ፎቶውን አጉሉትና ከታች ወደ ላይ ረድፉን በረድፍ ተከተሉ። ተመሳሳይ ነጠብጣብ ያለው ኬሻ ሁለት ጊዜ ካገኛችሁ፣ ኬሻው ተባዝቷል። ጥላውንም እዩ፤ አንዱ ክምር ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ጥላ ከጣለ ሁለቱ በአንድ ፀሐይ አልተነሱም።

«ኤዲት ያሳያሉ» የሚባሉ ድረ ገጾች አሉ፤ ፎቶውን ስታስገቡ ጥቁር ምስል ላይ የሚያበሩ ቦታዎችን ያወጣሉ። በቴሌግራም ተጨምቆ በመጣ ፎቶ ላይ አትመኑባቸው። መጨመቁ ራሱ ምልክቱን ያደባልቀዋል፤ የጽሑፍና የነጭ ነገር ጠርዝም ሳይነካ ያበራል። ከዚያ ይልቅ ምስሉን በጉግል ሌንስ ፈልጉት። ሙሉው ካልወጣ አንድ ልዩ ምልክት ያለበትን ክፍል፣ ለምሳሌ በሩን ወይም የኬሻውን ጽሑፍ፣ ቆርጣችሁ ፈልጉ። ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ የሚባሉት መረጃ አጣሪዎችም የቆየ ፎቶ እንደ አዲስ ሲለጠፍ የሚይዙበት አንዱ መንገድ ይሄ ፍለጋ ነው። ግን በግል በውስጥ መስመር ብቻ የተዘዋወረ ፎቶ በፍለጋ አይገኝም፤ ስለዚህ «አልተገኘም» ማለት «እውነተኛ ነው» ማለት አይደለም።

*ታዲያ በምን እንወስን?*

እስካሁን ያልኳችሁ ሁሉ ፎቶውን ለመጣል ይጠቅማል፤ ለመቀበል ግን አይበቃም። መዝገቡ ካልተገናኘ ትይዙታላችሁ። ከተገናኘ ግን ገና አልጨረሳችሁም፤ የሚያውቅ ሰው የሳተላይቱንም ቀን ሊቀይር ይችላል፣ ወይም ዛሬ ሄዶ የጎረቤቱን መጋዘን ሊያነሳ ይችላል። እሱ ፎቶ እውነተኛ ነው፣ ዕቃው ግን የእሱ አይደለም።

ስለዚህ እኔ የምመክረው አሮጌ ፎቶ ከመመርመር አዲስ ፎቶ ማዘዝ ነው። እንዲህ በሉት፦ ወረቀት ላይ የእኔን ስምና እኔ የምሰጥህን አራት አኃዝ ጻፍ፤ ቁጥሩን እዚያው በዚያ ሰዓት ምረጡት። ወረቀቱን ኬሻው ላይ አስቀምጠህ ሁለት ፎቶ አንሳ፤ አንዱ ከሩቅ በሩንና ክምሩን አንድ ላይ የሚያሳይ፣ ሌላው ከመካከል የወጣ ኬሻ ተከፍቶ ሁለት ሦስት ድንች ለሁለት ተቆርጦ። ሁለቱንም እንደ ፋይል ላክልኝ። ነጩ ወረቀት ቀለሙን ይነግራችኋል፣ ቁጥሩ ቀኑን ይነግራችኋል፣ የተቆረጠው ድንች ውስጡን ይነግራችኋል። እዚያው መጋዘን ውስጥ ላለ ሰው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ወረቀቱም ቢሆን በምስል ላይ ሊለጠፍ ስለሚችል ጠርዙንና ጥላውን እዩ፤ ወይም በቪዲዮ ጥሪ ወረቀቱን እያገላበጠ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

የአዳማው ተከታታያችንም ይሄንኑ አደረገ። ሻጩን አልሰደበውም፣ ስለ ሳተላይቱም አንድ ቃል አላነሳም። እኔም እንዲያ አልኩት፤ አንዳንድ ደላላ ዕቃው በእርግጥ እያለው ለናሙና ብሎ የቆየ ፎቶ ይልካልና ዕድል ይሰጠው። ሻጩ መጀመሪያ «ኔትወርክ የለም» አለ። ቀጥሎ «ልጁ ቁልፉን ይዞ ወጥቷል» አለ። ከዚያ «ካላመንከኝ ተወው፣ ሌላ ገዢ አለ» ብሎ መልስ መስጠት አቆመ። ዕቃው ነበረው ወይስ አልነበረውም? አናውቅም። 60 ሺው ብር ግን ገዢው ጋር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በወረቀት የተነሳ ፎቶም አይነግራችሁም፤ ከኬሻው ግርጌ ያለውን። ከላይ የተመረጠ፣ ከሥር ጥቃቅንና የተበላሸ የተሞላበት ኬሻ የምናውቀው ነው። ስለዚህ የእኔ ደንብ ይሄ ነው፦ ፎቶው ካለፈ ሰው ልካችሁ አስፈትሹ፣ ሚዛን ላይ ስታዩት ክፈሉ። ፎቶው ካላለፈ የመኪናውን ወጪም አታውጡ።

አጠራጣሪ ፎቶ የደረሳችሁ ለዚህ ቻናል አድሚን መላክ ትችላላችሁ። ፎቶውን እንደ `File` አሳልፉ፣ ሻጩ መቼና የት አነሳሁት እንዳለ አብራችሁ ጻፉ። የሻጩን ስምና ስልክ ግን አትላኩልኝ፤ ለምርመራው አያስፈልግም፣ እኔም አልለጥፈውም።